በቀይ እስክሪብቶ ያጠፋሁት

መንዝ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር በአንድ የዐሥረኛ ክፍል ልጅ ላይ የፈረድኩት ፍርድ ዛሬም ይቆጠቁጠኛል። በልጉ የቀረበት ዓመት ነበር። ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ ብዬ ባዘዝኩት ድርሰት ላይ ልጁ የአባቱን በጎች አነሳ፦ «ማይ ፋዘር ዲሳይድድ ቱ ግራጁዋሊ ሴል ሂዝ ሺፕ»። አባቴ በጎቹን ቀስ በቀስ ሊሸጥ ወሰነ ማለቱ ነው። እኔ ግን «ቱ» እና «ሴል» መሐል የገባችውን «ግራጁዋሊ» በቀይ ከበብኳት፤ በቀስት ጎትቼ ከ«ቱ» ፊት አስቀመጥኳትና ከዐሥሩ ሁለት ነጥብ ቀነስኩ።

ልጁ ደብተሩን ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ እንዲህ ካልነው እኮ አባቴ ቀስ በቀስ ወሰነ ይሆናል። የወሰነው ባንድ ሌሊት ነው፤ ቀስ በቀስ የሚሸጠውን ነው።»

«ሕጉ ነው» ብዬ መለስኩት።

ልጁ ልክ ነበር። በአማርኛም «ቀስ በቀስ በጎቹን ለመሸጥ ወሰነ» ስንል ዝግታው የውሳኔው ይሁን የሽያጩ ያጠራጥራል፤ «በጎቹን ቀስ በቀስ ለመሸጥ» ስንል ግን ይጠራል። እሱ ቃሏን ግሡ ጎን የሰካት ለዚሁ ነው። «ግራጁዋሊ»ን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ብናውላትም ያስኬድ ነበር፤ እሱንም አላሳየሁትም።

ሕግ ያልኩት ነገር ሕግ አለመሆኑን ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። እንግሊዞች ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በ«ቱ» እና በግሡ መሐል ቃል እየሰኩ ሲጽፉ ኖረዋል። ነቀፌታው የበረታው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ከነቃፊዎቹ አንዱ ሄንሪ አልፎርድ የተባለ የካንተርበሪ ካህን ነበር፤ መጽሐፉ በ1864 እ.ኤ.አ. ወጣ። በ1926 እ.ኤ.አ. የቋንቋ ሊቁ ፋውለር በአጠቃቀም መዝገበ ቃላቱ ጉዳዩን ሲያነሳ፣ ቃሉን ላለመሰካት ሲባል ዓረፍተ ነገር ከሚጣመም ወይም ትርጉም ከሚምታታ መሰካቱ ይሻላል ብሎ ፈረደ። ዛሬም የማይወዱት አርታኢዎች አሉ፤ በ«ቱ» እና በግሡ መሐል ረጅም ሐረግ ሲሰነቀር እኔንም ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። ጆሮ መቆርቆር ግን የሰዋስው ስሕተት አይደለም።

ሕግ ነው የተባለውን ለምን በቀላሉ አመንኩት? አንዱ ምክንያት አማርኛዬ ይመስለኛል። በእኛ ቋንቋ «መሸጥ» አንድ ቃል ነው፤ «መ»ን ከ«ሸጥ» ለይቶ መሐል የሚገባ ተውሳከ ግሥ የለም። «ቱ ሴል»ንም እንደዚያው የማይከፈል አድርጌ አየሁት። ለእንግሊዞች ግን ሁለት ቃል ነው።

ልጁ ድርሰቱን አርሞ መለሰልኝ። «ግራጁዋሊ»ን ጨርሶ አውጥቷታል፤ አባትየው በጎቹን ባንዴ ሊሸጥ የወሰነ ይመስላል። እኔም በዚያው ቀይ እስክሪብቶ የትክክል ምልክት አደረግሁበት።