«ተርሂል» የምትለዋ ቃል

ሰሞኑን ሁለት ልጆች የሥራ ደብዳቤ ፎቶ አንስተው ልከውልኝ «መምህር፣ ልፈርም?» አሉኝ። የራሴን ልንገራችሁ።

2018 ላይ ካርቱም እያለሁ ባሕሪ ያለ አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ እንዳስተምር ደብዳቤ ሰጠኝ። አረብኛዬ የገበያ ስለነበር ደብዳቤውን ይዤ ሱቅ ዐረቢ አንድ ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ከደመወዙ ቀጥሎ «ተርሂል» ይላል። ይህን ቃል የማያውቅ ስደተኛ የለም፤ ወደ አገር መባረር ነው። ላብ አጠመቀኝ። ጸሐፊው ሽማግሌ ሳቁብኝ፤ «ያ ኡስታዝ፣ ይሄ እኮ መጓጓዣ ነው!» ለካ ሱዳን ውስጥ ሠራተኛና ተማሪ የሚያመላልሰው መኪናም ተርሂል ነው የሚባለው።

ፍርሃቱ ቢለቀኝም ጥያቄው አልለቀቀኝም። በገንዘብ የሚከፈል ቢሆን «በደል ተርሂል» ይባል ነበር አሉኝ። (በእኛ ጆሮ በደል ሌላ ነው፣ በእነሱ ግን በምትክ የሚሰጥ ክፍያ ነው።) ደብዳቤው ላይ ግን ተርሂል ብቻ ነው ያለው። ገንዘብ ነው ወይስ መኪና? መኪና ከሆነስ ከየት ይነሳል? እኔ የምኖረው ዴም ነው፤ ባሕሪ ለመድረስ ሱቅ ዐረቢ ላይ ሌላ መኪና መያዝ አለብኝ። የመጀመሪያው ቀንም «በጁላይ መጀመሪያ» ከማለት በቀር አልተጻፈም። ደመወዝ ደግሞ የሚቆጠረው ሥራ ከጀመሩበት ቀን ነው።

ሽማግሌው እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦

«የሒሳብ መምህርነቱን ሥራ በደብዳቤው በተገለጸው ደመወዝ ተቀብያለሁ። እሑድ ጁላይ 1 ቀን 2018 ሥራ እጀምራለሁ፤ ቀኑ ሌላ ከሆነ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ተርሂል የተባለው ገንዘብ ነው ወይስ መኪና? መኪና ከሆነ መነሻው የት ነው?»

እኔ «መኪናው ከሌለ አልመጣም» የሚል እንዲጨመር ፈልጌ ነበር። እሳቸው እምቢ አሉ። «መቀበልህን ከጥያቄው ጋር አታስረው፤ ካሰርከው ገና አልተቀበለም ብለው ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቀኑንም ከነዕለቱ ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው፤ ቁጥሩ ቢሳሳት እንኳ እሑድ የሚለው ስሕተቱን ያሳያል።

ሁለት ቅጂ ወሰድኩ። አንዱን ሰጥቼ በሌላው ላይ «ደርሶናል» አስብዬ፣ ቀንና ማኅተም አስደረግሁበት። በሦስተኛው ቀን ምክትል ርዕሰ መምህሩ እዚያው ቅጂዬ ግርጌ በእጃቸው መለሱልኝ፦ ጅማሬው እሑድ ነው፣ ተማሪዎች በሳምንቱ ይገባሉ። ተርሂሉ መኪና ነው፣ ጠዋት 12፡30 ከሱቅ ዐረቢ ይነሳል፣ ለማይሳፈር በገንዘብ አይተካም።

ስለዚህ ከዴም እስከ ሱቅ ዐረቢ ያለው ከኪሴ መሆኑን ሳልጀምር አወቅሁ። አብሮኝ የተቀጠረው ልጅ ግን አልጠየቀም ነበር። ገንዘብ መስሎት በራሱ ሲመላለስ ከርሞ፣ በወሩ መጨረሻ ፖስታውን ሲከፍት ደመወዙን ብቻ አገኘ።