የጋሼ አርባ

ሥራዬ ሰመራ ነው፤ ያደግኩት ግን አዋሽ ሰባት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ። ለበዓል በመጣሁ ቁጥር «እንግሊዝኛ የሚችለው ልጅ መጥቷል» ይባልና ጎረቤት ስልኩን ይዞ ይመጣል። በ2017 የገና ሰሞን የመጣችው ጎረቤታችን የወንድሟ ልጅ ሚኒያፖሊስ ነው ያደገችው። ልጅቷ አማርኛ ሲወራ ትንሽ ትንሽ ትለቅማለች፤ ማንበብ አትችልም። መልእክቱ ይህ ነበር፦

«እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነን። ዳሱን አላፈረስነውም፤ ማታ ማታ እዚያው ነው የምናድረው። የጋሼ አርባ ጥር 27 ነው፤ ጠዋት በ3 ሰዓት ቤተ ክርስቲያን እንገባለን። አንቺም ባለሽበት አስቢው። ወንድምሽ ከድሬዳዋ መጥቷል። እኔ ልሙትልሽ፣ አትጨነቂ።»

ስድስት መስመር አይሞላም። ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል ብዬ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ በኋላ ስህተቴን ሳርም አንድ ወር ሄደ።

*

«በጣም ደህና ነን» ሰላምታ ነው እንጂ ዜና አይደለም። እኛ ቤቱ ቢፈርስም መጀመሪያ ደህና ነን ብለን፣ አመስግነን፣ ከዚያ ነው ወደ ነገሩ የምንገባው። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር እንደ ዘገባ ይወስደዋል። በጣም ደህና የሆኑ ሰዎች ቀጥለው ውጭ እንደሚያድሩ ሲነግሩት ወይ ይዋሻሉ ወይ የደበቁት አለ ይላል።

ጎረቤታችንን «በመሬት መንቀጥቀጡ የተጎዳ ሰው አለ?» አልኳት። የለም። «ቤቱስ?» ግድግዳው ተሰንጥቋል፤ ግን አትጻፈው አለችኝ። አልጻፍኩትም፤ መልእክቱ የእሷ ነው። «ሁላችንም በሕይወት አለን፣ የተጎዳ የለም» የሚለውን እንግሊዝኛ መረጥኩ። ምስጋናውን አቆየሁት፣ «በጣም»ን አወጣሁት።

*

በዚያ ሰሞን በፈንታሌ ዙሪያ መሬቱ ቀን ከሌሊት ይንቀጠቀጥ ነበር። ታህሳስ 26 የደረሰው በመለኪያው ከ5 በላይ ነበር፤ አዲስ አበባም ድረስ ተሰምቷል። ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው ተነሥቷል። ጋሼ ያረፉት ከዚያ ቀደም ብሎ ታህሳስ 18 ነው። ለለቅሶው ግቢ ውስጥ ዳስ ተጣለ፤ ለቀስተኛው ሲበተን መንቀጥቀጡ ባሰ፤ ዳሱ ሳይፈርስ ቀረና ቤተሰቡ ፍራሹን አውጥቶ እዚያው ማደር ጀመረ።

«ዳስ»ን በእንግሊዝኛው ድንኳን ተካሁት። ልጅቷ በማግሥቱ የላከችው ጥያቄ፦ የትኛው መጠለያ ጣቢያ ነው የገባችሁት? በዜና ተፈናቃዮችን አይታለች፤ ድንኳን ስትሰማ የሚመጣላት ያ ነው። እውነቱ ደግሞ ሰዎቹ ከገዛ ግቢያቸው አልወጡም።

ዳስ ለሠርግም ይጣላል፣ ለለቅሶም። ሸራውና ግንዱ አንድ ነው፤ የሚለየው ከሥሩ የተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ጽሑፍ ቃሉን እንዳለ አስገብቼ «ለጋሼ ለቅሶ ግቢያችን ውስጥ የተሠራው ጥላ» የሚል አስከተልኩ። ወደፊት ወደ አዋሽ ብትመጣም «ዳስ» የምትሰማው ቃል ነው፤ ብታውቀው ይጠቅማታል። እንዳለ ማቆየት ያለብንን ቃል ከሌላው የምለየው በዚህ ነው፦ ሰውየው ነገ ከዘመዶቹ አፍ ይሰማዋል ወይ?

*

የከተማችንን ስም፣ አዋሽ ሰባት ኪሎን፣ «ሰባት ኪሎግራም» ብሎ የተረጎመ ሰው አይቻለሁ። ከጎናችን ደግሞ አዋሽ አርባ የሚባል ከተማ አለ። የጋሼን አርባ የማያውቅ አንባቢ ጋሼ አዋሽ አርባ ሄደዋል ብሎ ቢረዳ አይፈረድበትም።

*

አርባን «መታሰቢያ» በሚለው እንግሊዝኛ መተካት ይቻላል፤ ሰው ይገባዋል። ግን ቁጥሩ ሲወጣ ቀኑም አብሮ ይወጣል። አርባ የሚቆጠር ነገር ነው፦ ያረፉበትን ታህሳስ 18 አንድ ብለህ ብትጀምር እስከ ታህሳስ መጨረሻ 13 ቀን ነው፤ ጥር 27 ላይ አርባ ይሞላል። «ካረፉ በአርባኛው ቀን የሚደረገው ጸሎት» ብዬ ቁጥሩን አቆየሁት።

እዚህ ድረስ ጥሩ ሠርቻለሁ። ጥር 27ን «ጃንዋሪ 27» ከማለትም ተርፌያለሁ፤ በዚህ ብዙ ሰው ይወድቃል፣ ስምንት ቀን ያሳስታል። ፌብሩዋሪ 4፣ ማክሰኞ ብዬ በትክክል ጻፍኩ። የወደቅኩት ከቀኑ አጠገብ ባለችው ትንሽ ቁጥር ነው። «ጠዋት በ3 ሰዓት»ን እንዳለች አሳለፍኳት።

ልጅቷ ስልኳ ላይ የኢትዮጵያን ሰዓት አወጣች፤ የጠዋት 3 አለች፤ በእሷ አገር ሰኞ ምሽት 12 ሰዓት መሆኑ ነው፣ በእነሱ አጠራር 6። ከሥራ ወጥታ፣ ሻማ አብርታ ደወለች። አዋሽ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። በዚያ ሰሞን በውድቅት የሚጮህ ነገር ሁሉ ሰውን ከአልጋው ያስነሣል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ከዳሱ ወጥቶ ግቢ ውስጥ ቆመ። አክስቷ ስልኩን ስታነሣ ልጅቷ «ጀመራችሁ?» አለቻት።

መጻፍ የነበረብኝ «በአዋሽ ከጠዋቱ 9፤ ለአንቺ ሰኞ ለማክሰኞ እኩለ ሌሊት» የሚለውን ነበር። ሰዓት ሲጻፍ የማን ሰዓት እንደሆነ አብሮ ይጻፍ፤ ስለ ባህል ቃል የማወራው ሰው የሰዓት ቁጥራችን ራሱ የባህል ቃል መሆኑ አልታየኝም ነበር።

*

«ወንድምሽ ከድሬዳዋ መጥቷል።» ልጅቷ ለእናቷ ብቸኛ ልጅ ናት። የመጣው የአክስቷ ልጅ ነው። በእንግሊዝኛው «ወንድም» ብጽፍ ሌላ ቤት ያለ ልጅ በአባቷ ላይ ልፈጥር ነው፤ «የአክስት ልጅ» ብል ደግሞ አክስቷ ያቀረበችውን እኔ አራቅኩት። ስሙን ብቻ ጻፍኩ። እንዲህ ባለ ቦታ ስም የሚያክል መፍትሔ የለም።

«ጋሼ» ላይ ግን እጄን አላነሣሁም። መዝገበ ቃላት ለታላቅ ሰው የሚሰጥ መጠሪያ ነው ይላል፤ እዚያ ቤት ግን ልጆቹም የልጅ ልጆቹም አዛውንቱን የሚጠሩት በዚያ ብቻ ነበር። ልጅቷ ሌላ ስም አታውቅላቸውም።

*

«እኔ ልሙትልሽ»ን ቃል በቃል ብተረጉምላት፣ አያቷ በሞቱ በሁለት ሳምንቱ፣ አክስቷም ልትሞት እንደሆነ ነገርኳት ማለት ነው። አወጣሁት። በቦታው ፍቅርን የሚገልጽ ተራ የእንግሊዝኛ ቃል አስገባሁ። ሳነበው ቀዝቃዛ ነበር፤ ግን ጊዜው ቀዝቃዛ ቃል የሚሻልበት ጊዜ ነበር። በሰላሙ ቀን ቢሆን አቆይቼ አስረዳት ነበር።

*

ሰመራ ተመልሼ ደግሞ አንድ የአፋር ባልደረባዬ ውጭ ላደገ የወንድሙ ልጅ የሚልከውን መልእክት አየሁለት። ከሰላምታው መሃል «አብሱማህ ሰላም ትልሃለች» የሚል አለ። አብሱማ በአፋር ባህል የአባት እህት ልጅ ናት፤ ወጣቱ በጋብቻ ቅድሚያ የሚጠይቅባት ዘመድ። «የአክስት ልጅ» ብዬ ልተካው አሰብኩ። ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ነገር ይደብቃል። «የምታገባት» ብዬ ባብራራው ደግሞ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ በጽሑፍ ያቀረብኩት እኔ እሆናለሁ፤ ልጁም በሌላ አገር ሕግና ሐሳብ ያደገ ነው፤ ይደነግጣል።

«ሰላምታ ብቻ ነው ወይስ ነገሩን እያስታወስከው ነው?» አልኩት። ባልደረባዬ ሻዩን አማሰለ። አማሰለና «አብሱማህ ብለህ ጻፍ» አለኝ።

ጻፍኩ፤ በሌላ ፊደል ያው ቃል። ከጎኑ «የአክስትህ የእገሊት ልጅ» ብዬ ማን እንደሆነች ብቻ አስታወቅኩ፤ ልማዱን አላብራራሁም። ላኪው ሆን ብሎ ያላጠራውን ተርጓሚ ሊያጠራው አይገባም። ልጁ ካልገባው ደውሎ ይጠይቃል፤ አጎቱ የሚፈልገውም ምናልባት እሱን ነው።

*

እዚያው መልእክት ላይ «መታመምህን በዳጉ ሰማን» ይላል። ዳጉን «ወሬ» ብሎ መተካት ጥፋት ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ከሰላምታው በኋላ ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር ይለዋወጣሉ፤ ማን አየ፣ ከማን ሰማህ ተብሎ ይጠየቃል፣ ያልሆነ ነገር ማውራት ያዋርዳል። ስለዚህ «አይቶህ የመጣ ሰው ነገረን» ብዬ ተረጎምኩ። ቃሉ ቀረ፣ ሥራው አለ። ባልደረባዬ ቃሉ መቅረቱን አልወደደውም፤ ተከራከርን፤ እንዳልረታሁት አውቃለሁ።

*

መጨረሻ ያስቀመጥኩት መጀመሪያ የሆነውን ነው። ከገናው መልእክት በፊት፣ ታህሳስ 18 ከሰዓት በኋላ፣ ያቺው ጎረቤታችን ወደ ሰመራ አንድ መስመር ልካልኝ ነበር፦ «ጋሼን ትንሽ አሟቸዋል በልልኝ።»

የእኛ ሰው ሞትን በስልክ አይናገርም። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ተደርጎ ነው። ሩቅ ላለ ዘመድ እዚያው ያሉ ወዳጆች ተፈልገው እስኪሰናዱ ድረስ «ትንሽ አሟቸዋል» ይባላል፤ የሰማው አዋቂ ከሆነ ልቡ ይጠረጥራል፣ ይሰናዳል። ቃሉ ለዚያ ነው የተሠራው። እኔ ይህን እያወቅኩ አድጌ፣ ሥራ ላይ ነበርኩና፣ ሳልጠይቅ «ቀላል ሕመም» ብዬ በአንድ ደቂቃ ተርጉሜ ላክሁ። በእንግሊዝኛው ውስጥ የሚያስጠረጥር ነገር አልነበረም።

ልጅቷ ወዲያው ድምፅ ቀርጻ ላከች። በተሰባበረ አማርኛ «ጋሼ፣ ቶሎ ይሻልህ፣ በክረምት እመጣለሁ» ትላለች፤ አንቱታውን አላወቀችውም። ለእሳቸው እንዲከፈትላቸው ነበር የላከችው። ጋሼ በዚያን ዕለት ጠዋት አርፈዋል። ድምፁ አሁንም አክስቷ ስልክ ውስጥ አለ፤ አላጠፋችውም።