ከቤይሩት የመጣው ድምፅ እንዳይጠፋ

መቱ ላይ ዝናቡ ተያይዞታል፣ ሶርም ሞልቷል። እኔ ደግሞ ያለፈውን እሑድ ሁለት ስልክ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጎረቤቴ ቤት ነው የዋልኩት። ነገሩ ለብዙዎቻችሁ የሚጠቅም ስለመሰለኝ ልጻፈው አልኩ። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። እትዬ ማንበብና መጻፍ አይችሉም፣ ስለዚህ ልጅቷ ደብዳቤዋን የምትልከው በድምፅ ነው፣ በዋትሳፕ። አሮጌው ስልካቸው ቻርጅ መሰኪያው ላልቶ ገመዱን በላስቲክ አስረው ነበር የሚሞሉት። በዚህ ወር ልጅቷ አዲስ ስልክ ላከችላቸው። እትዬ ግን ሳይነኩት ሳምንት አስቀመጡት። «መምህር፣ አዲሱ ይቅርብኝ፣ ድምፅዋ ከሚጠፋ» አሉኝ።

የትኛው ድምፅ እንደሆነ አውቃለሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ እዚህ ማንም እንቅልፍ አልወሰደውም። ኢንተርኔቱ ራሱ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ገና መመለሱ ነበር። ሌሊት ላይ አንድ አጭር ድምፅ ገባች፦ «እማ፣ እኔ ደህና ነኝ። መስኮቱ ብቻ ነው የረገፈው። አታልቅሺ።» እትዬ ያቺን ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰሟታል።

እሺ ያልኳቸው በድፍረት አልነበረም፣ በፍርሃት ነው። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ሲሙን አውጥቼ አዲሱ ስልክ ላይ ከተትኩ፣ ዋትሳፕ ከፈትኩ፣ አንድ ጥያቄ ሲመጣልኝ ሳላነብ Skip አልኩት። ከዚያ አሮጌውን አጽድቼ ለእህቴ ልጅ ሰጠሁት። ከተመራቂ ተማሪዎቼ ጋር የተጻጻፍኩት ሁሉ በዚያው ቀረ። ጥፋቱ የራሴ ነበር። ከዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር ቅደም ተከተሉን ነው፦ ሁሉም ተገልብጦ እስኪረጋገጥ ሲሙ ከአሮጌው ስልክ አይወጣም፣ ከአሮጌው ላይም ምንም አይጠፋም።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ጂሜይሉን ነበር። ስልክ ቁጥሮቹ ጉግል አካውንት ላይ ቢቀመጡ ኖሮ አዲሱ ስልክ ላይ በዚያው አካውንት መግባት ብቻ ይበቃ ነበር። እትዬ ግን ጂሜይል ምን እንደሆነ አያውቁም። አካውንቱን የከፈተው ስልኩን የሸጠላቸው ልጅ ነው፣ ፓስወርዱንም ይዞት ሄዷል። ይሄ የእሳቸው ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ፣ የእናታችሁን ስልክ አንስታችሁ እዩ።

ስለዚህ ቁጥሮቹን በፋይል ማውጣት ነበረብን። «ሲም ላይ ገልብጠው በቃ» የሚል ምክር ሰፈር ውስጥ አይጠፋም። ግን አስቡት፣ እትዬ ስም አያነቡም። ሰው የሚደውሉት ፎቶውን አይተው ነው፣ የልጅ ልጃቸው ለእያንዳንዱ ሰው ፎቶ አድርጎላቸዋል። ሲም ካርድ ፎቶ አይዝም። ስም እና ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው፣ ረዘም ያለ ስም ከሆነም ይቆርጠዋል። በሲም ብናዛውረው ለእሳቸው መቶ ስም አልባ ቁጥር ማለት ነው።

Contacts የሚለውን ከፍቼ፣ Fix & manage ውስጥ ገብቼ፣ መጀመሪያ Import from SIM አልኩ፣ ሲሙ ላይ ብቻ የነበሩት ወደ ስልኩ እንዲገቡ። ከዚያ Export to file። (አንዳንድ ስልክ ላይ Settings ውስጥ Import/Export ተብሎ ነው የሚገኘው።) መጨረሻው .vcf የሆነ አንድ ፋይል ወጣ፣ ሜሞሪ ካርዱ ላይ አስቀመጥኩት። የልጅ ልጁ ፋይሉን በጽሑፍ መክፈቻ ሲያየው ደነገጠ፣ በአማርኛ የተጻፈው ስም ቦታ ላይ =E1=88=98 የሚል ነገር ተደርድሯል። አይዞህ አልኩት፣ ይሄ «መ» ነው። ፋይሉ የአማርኛውን ፊደል በዚህ መልክ ነው የሚጽፈው፣ የአዲሱ ስልክ Contacts መልሶ ያነበዋል። ካርዱን ወደ አዲሱ ወስደን Import ስንለው «መ» ሆኖ ተመለሰ።

ቆጠርን። አሮጌው ላይ 143፣ አዲሱ ላይ 141። ሁለቱ የት ገቡ? ስንፈልግ ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ ሰዎች ነበሩ፣ አዲሱ ስልክ አንድ አድርጎ ነው የሚያሳያቸው። የአንደኛዋን ስም ስንከፍተው ሁለቱም ቁጥር ውስጥ አለ። ባንቆጥር ይሄንንም አናውቅም ነበር፣ በእርግጥ ቢጠፋም አናውቅም ነበር።

ፎቶው ቀላሉ ነው። በካሜራ የተነሱት DCIM የሚባል ፎልደር ውስጥ ናቸው። እሱን Copy አልኩ። Move አላልኩም። Move እያነሳ የሚያስቀምጥ ነው፣ መሐል ላይ ስልኩ ቢጠፋ የትኛው እንደተነሳ የትኛው እንደቀረ ማጣራት ራስ ምታት ነው፣ የእትዬ ስልክ ደግሞ ላስቲኩ ከተንሸራተተ ይጠፋል። ካርዱ ላይ ከገባ በኋላ የሁለቱን ፎልደር የፋይል ብዛት አስተያየሁ፣ እኩል ሆነ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፦ «በቴሌግራም ለራሴ ልኬ አወርደዋለሁ» የምትሉ፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፣ ጥራቱ ይወርዳል። እንደ File ነው መላክ ያለበት።

ስለ ቴሌግራም ካነሳን አይቀር፦ እሱ ጭንቀት የለውም፣ የምትጻጻፉት ሰርቨሩ ላይ ነው የሚቀመጠው። በዚያው ቁጥር ስትገቡ ሁሉም ተከትሎ ይመጣል፣ Secret Chat ያላችሁት ብቻ ሲቀር። የመግቢያው ኮድ ግን ብዙ ጊዜ በኤስኤምኤስ ሳይሆን አሮጌው ስልክ ላይ ባለው ቴሌግራም ውስጥ ነው የሚመጣው። አሮጌውን ቀድማችሁ ካጸዳችሁት ኮዱን እየጠበቃችሁ ትቀመጣላችሁ።

ዋትሳፕ ሌላ ነው። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ የሚኖረው ስልኩ ውስጥ ነው። ያቺ ድምፅ በዓለም ላይ ያለችው እትዬ ስልክ ውስጥ ብቻ ነበረች፣ ልጅቷም ከዚያ ወዲህ ስልክ ቀይራለች።

መጀመሪያ መያዣ አበጀሁ። Settings፣ Chats፣ Chat backup ውስጥ ገብቼ የዛሬውን ባክአፕ አስደረግኩ። ከዚያ በፋይል ማኔጀር ይሄንን ፎልደር እንዳለ ካርዱ ላይ ገለበጥኩት፦

```
Android/media/com.whatsapp
```

ውስጡ Databases አለ፣ የተጻጻፉት እዚያ ነው። Media ውስጥ ደግሞ WhatsApp Voice Notes አለ፣ ድምፆቹ። የድምፁ ፋይል ስም ውስጥ ቀን አለበት፣ PTT-20200804 ብሎ የሚጀምረውን ፈልጌ አገኘሁት። ሐምሌ 28 በፈረንጅ ኦገስት 4 ነው። ተጫነው አልኩት ልጁን። ድምፅዋ ከካርዱ ላይ ወጣ። እትዬ ጀበናውን እንደያዙ ቆሙ። ከዚህ በኋላ የሚበላሽ ነገር ቢኖር እንኳ ያቺ ድምፅ ሁለት ቦታ አለች።

ከዚያ ዋናው ዝውውር። አሮጌው ላይ Settings፣ Chats፣ Transfer chats፣ Start። ሁለቱም ስልክ ላይ ዋይፋይ እና ሎኬሽን ተከፈተ። አዲሱ ላይ ዋትሳፕ ጭነን የእትዬን ያንኑ ቁጥር አስገባን፣ ኮዱ ሲሙ ባለበት አሮጌው ስልክ ላይ በኤስኤምኤስ ገባ፣ እሱን ጻፍን። አዲሱ «ከአሮጌው ስልክ ላምጣ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ Start አልን። እዚህ ቦታ ላይ ነው እኔ ያኔ Skip ያልኩት፣ እጄ ተንቀጠቀጠ ብላችሁ ታምናላችሁ? አዲሱ QR ኮድ አወጣ፣ በአሮጌው ካሜራ አነበብነው፣ ሁለቱ ተገናኙ። ዝውውሩ ከስልክ ስልክ ነው፣ ዳታ አይበላም።

ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ወሰደ። መሐል ላይ መብራት ሄደ፣ ባትሪው 61 ከመቶ ላይ ነበር። ቀድሜ እስኪሞላ ያስጠበቅኳቸው ለዚህ ነበር። የልጅ ልጁ ላስቲኩን ይዞ እንደተቀመጠ ቡናው በረካ ላይ ደረሰ።

ሲያልቅ የጽሑፉ ዝርዝር ሁሉ ታየ። ልጁ «ገባ!» ብሎ ሊነሳ ሲል ቁጭ በል አልኩት። መልእክቱ መታየቱ ድምፁ መጣ ማለት አይደለም። ድምፁ ጎን ላይ የማውረጃ ቀስት ካለ ቦታው ብቻ ነው የመጣው፣ ፋይሉ የለም ማለት ነው። የዓመታት ድምፅ ደግሞ ዋትሳፕ ሰርቨር ላይ ስለማይቀመጥ ቀስቱን ብትጫኑትም አይወርድም። ስለዚህ ወደ ኋላ፣ እስከ 2012 ድረስ ሄድን። ቀስት የለም። የማጫወቻው ምልክት ነው ያለው።

እትዬ ራሳቸው ተጫኑት።

ሰምተው ሲጨርሱ አላለቀሱም። «አሁን ይሄኛው ስልክ ሲያረጅስ?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለዚህ ብለን አዲስ ጂሜይል ከፈትንላቸው፣ ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፈን ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀመጥን። ቁጥሮቹን እዚያ አካውንት ላይ አደረግን። ሜሞሪ ካርዱን አውጥተን ያንኑ ሳጥን ውስጥ ከተትን። ሲሙ የወጣው በመጨረሻ ነው። አሮጌው ስልክ ደግሞ ለአንድ ወር ሳይጠፋ፣ ሳይጸዳ ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጣል፣ ይቀረ ነገር ካለ የሚታወቀው አንድ ቀን ሲፈለግ ነውና። የልጅ ልጁ ቀኑን እየቆጠረ ነው፣ ለእሱ ቃል ተገብቶለታል።

ማታ ከቤይሩት ተደወለ። እትዬ በአዲሱ ስልክ፣ ፎቶዋን አይተው አነሱ።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ አዲስ አበባም ውጭ አገርም ያላችሁ፣ ለእናታችሁ ስልክ ልትልኩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ አሮጌውን እስካሁን ለማንም እንዳይሰጡ ዛሬውኑ ደውላችሁ ንገሯቸው። መቱና ጎሬ አካባቢ ሆናችሁ የተቸገራችሁ ካላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሑድ እሑድ አለሁ። ቻርጅ ሞልታችሁ ግን ኑ።