ከኦክረንት ፌኖኪስ እስከ ሹም ሽር

ፋንታሲ ሊግ የሚባለው ጨዋታ ተሳታፊዎቹ በእውነተኛ ውድድር ላይ ካሉ ስፖርተኞች መካከል መርጠው የየራሳቸውን የምናብ ቡድን የሚያቋቁሙበት፣ የተመረጡት ስፖርተኞች ሜዳ ላይ በሠሩት ልክም ነጥብ የሚሰበስቡበት ነው። በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ይበልጥ የሚታወቀው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ሲሆን፣ በዚህኛው ተሳታፊው 100 ሚሊዮን ፓውንድ የምናብ በጀት ይዞ 15 ተጫዋቾችን ይገዛል፤ ከአንድ ክለብም ከሦስት በላይ መውሰድ አይፈቀድለትም። ከዚህ ሁሉ መካከል ባለቡድኑ በገዛ እጁ የፈጠረው ምን እንደሆነ የመረመረ ሰው የሚያገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተጫዋቾቹ የሌላ፣ ጎሉ የሌላ፣ ገንዘቡም የሌለ በመሆኑ የእሱ የሚባለው የቡድኑ ስም ነው። የሥራ ባልደረቦች ከነጥቡ ባልተናነሰ ስለ ስሙ የሚጨነቁበት ምክንያትም ከዚህ የራቀ አይመስልም።

የልማዱ መነሻ አሜሪካ ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዊሊያም ጋምሰን የተባለ የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁር በ1960 በሃርቫርድ ከባልደረቦቹ ጋር የጀመረው የቤዝቦል ውርርድ «የቤዝቦል ሴሚናር» ይባል ነበር፤ ይህ ስም ጨዋታውን ከቁማር ይልቅ ለጥናት አቀረበው። ከሁለት ዓመት በኋላ የኦክላንድ ሬይደርስ ቡድን ባለድርሻ የነበረው ቢል ዊንከንባክ ከጓደኞቹ ጋር በአሜሪካ እግር ኳስ ላይ ተመሳሳይ ሊግ ሲያቋቁም ግን ተቃራኒውን መንገድ መረጠ፤ የሊጉ ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «የታላቋ ኦክላንድ ባለሙያ የአሳማ ቆዳ ተንባዮች ሊግ» የሚል ይሆናል። የአሳማ ቆዳ የተባለው ኳሱ ነው፤ ይህ የቆየ ቅጽል ስሙ ነውና። በሁለቱም ዘንድ ቀልዱ ያረፈው በማኅበሩ ስም ላይ ነው። የእያንዳንዱ ሰው ቡድን ስም የቀልድ ማረፊያ የሆነበት ታሪክ ጎልቶ የሚታየው ከዚያ በኋላ፣ በአንድ የኒውዮርክ ምግብ ቤት ውስጥ ነው።

ዳንኤል ኦክረንት የተባለው የመጻሕፍትና የመጽሔት ሰው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሲማር ከመምህሩ ከሮበርት ስክላር ስለ ጋምሰን ጨዋታ ሰምቶ ነበር፤ በ1979 መጨረሻ ይህንኑ አሻሽሎ አዲስ ሕግ አወጣለትና ላ ሮቲሴሪ ፍራንሴዝ በተባለ የማንሃተን ምግብ ቤት ለሚገናኙ ወዳጆቹ አቀረበው። ሮቲሴሪ ማለት ሥጋ በእሳት ላይ እየተሽከረከረ የሚጠበስበት ቤት ማለት ነው፤ በ1980 የተጀመረው ሊግም ከዚያ ወዲህ በምግብ ቤቱ ስም ተጠራ። መሥራቾቹ በአብዛኛው ከመጽሔትና ከኅትመት ሙያ የመጡ፣ ቃል ሲያገላብጡ የሚውሉ ሰዎች ስለነበሩ የቡድኖቻቸውን ስም ተራ አድርገው ሊተዉት አልቻሉም።

የኦክረንት ቡድን «ኦክረንት ፌኖኪስ» ተባለ። ኦኬፌኖኪ በጆርጂያና በፍሎሪዳ ወሰን ላይ የሚገኝ ሰፊ ረግረግ በመሆኑ፣ ሰውየው የአባቱን ስም ከረግረጉ ስም ጋር አጋጥሞ ራሱን ጭቃ ውስጥ ከተተ። ሃሪ ስታይን የተባለው ጸሐፊ ቡድኑን «ስታይን ብሬነርስ» አለው፤ ጆርጅ ስታይንብሬነር ያን ጊዜ የኒውዮርክ ያንኪስ ባለቤት ነበርና ድሃው ጸሐፊ ስሙን ለሁለት በመሰንጠቅ ብቻ የሀብታሙን ወንበር ተቀመጠበት። ሮብ ፍሌደር ደግሞ በጀርመንኛ የሌሊት ወፍ ማለት ከሆነው ፍሌደርማውስ ተነሥቶ «ፍሌደር ማይስ»፣ ማለትም «የፍሌደር አይጦች» የሚል ስም አወጣ። ከሁሉ የተራቀቀው ፒተር ጌዘርስና ግሌን ዋጎነር በጋራ የያዙት «ጌዘርስዋግ ጎነርስ» ሳይሆን አይቀርም፤ የመጀመሪያው ስም እንዳለ ሆኖ የሁለተኛው ሰው ስም «ዋግ» እና «ጎነር» ተብሎ ሲቆረጥ የኋለኛው ክፍል በእንግሊዝኛ «አለቀለት» የሚባልለትን ሰው ያመለክታልና፣ ባለቤቶቹ ገና ውድድሩ ሳይጀመር ሽንፈታቸውን በስማቸው ጽፈው ገቡ።

እነዚህ ስሞች በጋራ የሚይዙት ባሕርይ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ እያንዳንዱ ባለቡድን የቀለደው በገዛ ስሙ ነው። በሊጉ መሥራቾች መካከል አንዲት ሴት፣ በመጽሔት ሥራ ላይ የነበረችው ቫለሪ ሳለምቢየር፣ ነበረች፤ እሷም ቡድኗን «ሳለምቢየር ፍላምቤስ» ብላዋለች፤ ፍላምቤ አልኮል ፈስሶበት በእሳት ነበልባል የሚቀርብ ምግብ ነውና የምግብ ቤቱም ግብዣ አልቀረም። ወንድና ሴት፣ አሳታሚና ደራሲ በአንድ ገበታ በተቀመጡበት ማኅበር ቀልዱ ማንንም ያላስቀየመው ሰዎቹ ከሌላው ዘመን ሰዎች ይልቅ ጨዋ ስለነበሩ አይደለም፤ ቀልዱ የሚሠራበት ዕቃ የባለቤቱ የራሱ ስም ስለነበረ ሌላውን የሚነካበት እጅ አልነበረውም።

ጨዋታው ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ እግር ኳስን ሲይዝ፣ በተለይም የፕሪሚየር ሊጉ ፋንታሲ በ2002 ከተጀመረ በኋላ፣ የስም አወጣጡ ልማድ ከባለቡድኑ ስም ወደ ተጫዋቾች ስም ተዛወረ። ከታወቁት መካከል የጋሪ ኔቪልን ስም ከአንድ ፊልም ርእስ ጋር ያጋጠመው Neville Wears Prada እና ለሌስተር ሲቲ የተጫወተውን ቤልጂየማዊ ተከላካይ ሪቺ ደ ላትን የሚያነሣው Ctrl Alt De Laet ይገኙበታል። ሁለተኛው ኮምፒውተር ደርቆ አልታዘዝ ሲል በአንድ ላይ የሚጫኑትን ሦስት ቁልፎች ያስታውሳል፤ ከጽሕፈት ጠረጴዛ ጋር ለተቆራኘ ሰው ሁሉ፣ ኳስ ለማይወደው ገንዘብ ያዥ ጭምር፣ ወዲያው የሚገባ በመሆኑ የቢሮ ስም ምሳሌ ሊባል ይችላል። በዚህ ላይ የጨዋታው ሕግ ለስም ከ20 ፊደል በላይ ስለማይፈቅድ፣ ክፍት ቦታውም እንደ ፊደል ስለሚቆጠር፣ ቀልዱ መቆጠብ ይኖርበታል፤ Neville Wears Prada 19 ሆኖ ሲገባ፣ ዚነዲን ዚዳንን ከአንድ የጭፈራ ዘፈን ጋር ያጋባው Murder on Zidane's Floor 24 ስለሚሆን ካልተቆራረጠ አይገባም። የተቆረጠ ቀልድ ደግሞ ማስረዳት ይጠይቃል፤ የሚብራራ ቀልድ ከሚብራራ ፈተና አይሻልም።

ስጋቱ የመጣው ከዚሁ ዝውውር ጋር ነው። የሰው ስም የሚያሰማው ድምፅ ብልግና ከሚሆን ቃል ጋር ሲገጥም፣ አንዳንዱ ባለቡድን የፊቱን ትርጉም ብቻ ያየ መስሎ ሌላው በኋላው እንዲስቅለት ይጠብቃል። የአማርኛ አንባቢ ለዚህ የቆየ መለኪያ አለው፤ በቅኔ ትምህርት ከላይ የሚታየው ትርጉም ሰም፣ በውስጡ የተሰወረው ወርቅ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ቃልም ኅብረ ቃል ይባላል። ለቢሮ የሚሆን ስም ሰሙም ወርቁም በሰው ፊት ሊነገር የሚችል ነው፤ ወርቁ ሲፈታ ሰሚው ወደ መሬት የሚያይ ከሆነ ስሙ ለቢሮ አልበቃም። ፕሪሚየር ሊጉም ቢሆን አስነዋሪ ስም ያለውን ቡድን ሊሰርዝ እንደሚችል በደንቡ አስፍሯል፤ ይሁን እንጂ ደንቡ የሚደርሰው እስከ ሰሙ ብቻ ነው፣ በተለይም ሰሙ በአማርኛ ከሆነ።

ከዚህ የሚጠነክረው ፈተና ግን ሌላ ነው። የቡድን ስም ለብቻው ቆሞ አይቀርም፤ ሰኞ ጠዋት አንዱ ሠራተኛ ሠንጠረዡን በቴሌግራም ቡድን ላይ ሲለጥፍ ወይም በሻይ ሰዓት ሲያነብ ስሙ የዓረፍተ ነገር ባለቤት ይሆንና ግስ ይከተለዋል፤ መራ፣ ወደቀ፣ ተረታ፣ ገባበት፣ ከላይ ወጣ ይባላል። «ሙሽራዬ» የሚለው ስም በራሱ ንጹሕ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ስለገቡ ጎሎች በሚያወራ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲሰካ ግን የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ፊት የሚነበብ አይሆንም፤ የቀረውን መጻፍ አያስፈልግም። ስለዚህ ስም የሚያወጣ ሰው ከመመዝገቡ በፊት ስሙን ከአምስቱም ግሶች ጋር ጮክ ብሎ ቢያነበው ብዙ እፍረት ይቀርለታል። የብሔርና የሃይማኖት ስሞች ከዚህ ፈተና ቀድመው የሚወድቁ ናቸው።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ሀብት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጽሕፈቱ ጠብቆ የሚነበበውን ከሚላላው አለመለየቱ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ከሠንጠረዡ ግርጌ የተገኘ ባለቡድን ቡድኑን «ገና ነን» ቢል፣ ላልቶ ሲነበብ «ጊዜያችን አልደረሰም» ሲሆን፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ በዓሉንና በዱላ ጥንግ የሚለጉበትን ጨዋታ ያስታውሳል፤ በዚያ ጨዋታ ላይ ጌታ እንደማይቆጣ የሚናገር ነባር ብሂል ስላለም ስሙ ለአለቃ የሚቀርብ ይቅርታን በውስጡ ይዟል። ችግሩ ብዙ ሰው የቡድኑን ስም በላቲን ፊደል መጻፉ ነው፤ አንድ n ከሆነ «ገና» ላልቶ ይቀራል፣ ሁለት ከሆነ በዓል ብቻ ይሆናል፤ ግእዙ የሸሸገውን ወርቅ ላቲኑ አውጥቶ ይሰጣል።

ሁለተኛው ሀብት ብዙው የአበሻ ስም ግስ ወይም ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ኦክረንት ረግረግ ፍለጋ እስከ ጆርጂያ የሄደበትን ጉዳይ ደረሰ፣ አበራ ወይም ታደሰ የተባለ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይፈጽመዋል። ስሙ ተሾመ የሆነ ሠራተኛ ቡድኑን «ተሾመ ተሻረ» ቢለው በላቲን Teshome Teshare፣ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 15 ፊደል ይሆናል፤ በየሳምንቱ ተጫዋች የሚያስወጣና የሚያስገባን፣ ካፒቴን የሚሾምና የሚሽርን ሰው ሥራ በሁለት ቃል ይገልጻል፤ የታሪክ መጻሕፍት ሹም ሽር የሚሉትን የአስተዳደር ልማድም ያስታውሳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሻሪውም ተሻሪውም ራሱ ነው። ያው ስም የመምሪያ ኃላፊው ስም ተሾመ በሆነበት ቢሮ ውስጥ በአንድ ንዑስ ሠራተኛ ከተመዘገበ ግን ፊደሉ አንድም ሳይለወጥ አቤቱታ ይሆናል፤ ስሙን ለባለቤቱ፣ ለአቶ ተሾመ፣ መተው የሚሻለው ለዚህ ነው። አቶ ተሾመ ራሳቸው ወስደው ካስመዘገቡት የሚቀረው ችግር የዚያ ሠንጠረዡን በቴሌግራም የሚለጥፈው ሠራተኛ ነው፤ አለቃው በሠንጠረዡ ሦስት ደረጃ ባሽቆለቆሉበት ሰኞ «ተሾመ ተሻረ ወረደ» ብሎ ይጽፍ ወይስ «ወረዱ» ይበል፣ እስከ ሻይ ሰዓት ሊወስን ይገባዋል።