«ተባረክ» ስንት ዓይነት ነው?

በኅብረታችን ምስጋና አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቃል ያልቃል። ወንበር ላነሣውም፣ ለዘመረውም «ተባረክ» እንላለን፤ ለመጋቢያችን ሲሆን «ይባረኩ» እንላለን። ይህን የሰዋስው ልዩነት ሁላችንም እናውቀዋለን። ልብ የማንለው ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ድምፅ ነው።

ከጉባኤዎቻችን በአንዱ፣ ከደብረ ብርሃን የሚመጡ እንግዶች ጣርማበር ላይ ጉም ይዟቸው ደብረ ሲና የገቡት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነበር። ያን ምሽት ሦስት ሰዎች ደረሱልን። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስድስት እንግዶችን ቤታቸው አሳደሩ። የመዘምራን አስተባባሪ የሆነው ጓደኛዬ ፕሮግራሙን ለውጦ ሕዝቡን በዝማሬ አቆየ። አንድ የ15 ዓመት ታዳጊ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን አስነሥቶ እስከ መጨረሻው ከድምፅ ማጉያው አጠገብ አልተለየም። የኮሚቴው ጸሐፊ ስለነበርኩ ሦስቱንም ማመስገን የእኔ ድርሻ ሆነ።

ለሽማግሌው «ጥሩ ሠርተዋል» አይባልም። ስድብ ሆኖ ሳይሆን፣ መምህር ለተማሪው የሚለው የመዛኝ ቃል ስለሆነ ነው። «ጎሽ» እና «እደግ»ም እንዲሁ ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ አይሄዱም። ለበላይ የሚቀርብ ምስጋና ሥራውን አይመዝንም፤ ሥራው ለእኛ ምን እንዳደረገልን ይናገራል። ስለዚህ «አባባ፣ ቤትዎን ባይከፍቱልን ኖሮ እንግዶቻችን ማደሪያ አልነበራቸውም። እግዚአብሔር ይስጥልን» አልኳቸው። «ይስጥልን» ማለት «እኛ መክፈል አንችልምና እግዚአብሔር በእኛ ፈንታ ይክፈልልን» ማለት ነው። ውለታውን ሳያሳንስ ሰውየውንም አያሞካሽም። ማሞካሸት የሚታወቀው ምስጋናው ረዝሞ ረዝሞ መጨረሻው ላይ ልመና ሲመጣ ነው። ትልቅ ሰው ደግሞ ይህን ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ያውቀዋል።

ጓደኛዬን በዚያው ድምፅ ባመሰግነው ኖሮ የተቀየምኩት ይመስለው ነበር። በእኩዮች መካከል «እርስዎ» ወይ ቀልድ ነው ወይ ኩርፊያ። እኩያ የሚፈልገው ሸክሙን ያየለት ሰው ነው። «ድምፅህ እስኪዘጋ ዘመርክ፤ አይቻለሁ። ቀጣዩ ተራ የእኔ ነው» አልኩት። የእኩያ ምስጋና ውስጥ ሁልጊዜ ተራ አለ። በአማርኛ ለ«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚሰጠው መልስ «አብሮ ይስጠን» መሆኑም ደስ ይለኛል፤ ሰጪውንና ተቀባዩን ጎን ለጎን ያቆማቸዋል።

ከባዱ ታናሹን ማመስገን ነው፤ ብንተወው የሚጠይቀን የለምና። ብዙ ጊዜ «ተባረክ፣ አሁን ደግሞ ገመዱን ጠቅልል» እንላለን። ያ «ተባረክ» ምስጋና አይደለም፤ የትእዛዝ ማለስለሻ ነው። የቀድሞ ቃለ ጉባኤዎቻችንን ሳገላብጥ ሰባኪዎችና አስተባባሪዎች በስማቸው ተጽፈዋል፤ ዕቃ የተሸከሙት ግን «ታዳጊዎች» ተብለው ታልፈዋል። ጳውሎስ በሮሜ 16 ላይ እንዲህ አላደረገም። ጵርስቅላንና አቂላን ሲያመሰግን ስለ እርሱ ነፍሳቸውን ለአደጋ እንዳጋለጡ ይናገራል፤ ማርያንም ከድካሟ ጋር በስሟ ያነሣታል። ስምና ሥራው አብረው ይሄዳሉ።

ታዳጊውን ኮሚቴው ፊት ጠርቼ በስሙ እየጠራሁ «ጄኔሬተሩን ማንም ሳያዝህ ሄደህ አስነሣኸው። ያን ባታደርግ ጉባኤው በጨለማ ይበተን ነበር። አመሰግንሃለሁ» አልኩት፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ስሙንም ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩ። ሽማግሌው ከተቀመጡበት «እደግ ልጄ» አሉት። አንገቱን ደፍቶ «አሜን» አለ። ይህን ምርቃት እኔ ብለው ኖሮ አይመጥነኝም ነበር፤ በጥቂት ዓመት ብቻ ነው የምበልጠው። ከእርሳቸው አፍ ሲወጣ ግን በረከት ሆነ።

ደረጃና ዕድሜ የሚጋጩበትም ጊዜ አለ። ያን ምሽት በሩን ሳይዘጉ የጠበቁን የጥበቃ ሠራተኛ በሥራ መደብ ከሁላችንም በታች፣ በዕድሜ ግን የአብዛኞቻችን አባት ናቸው። እንዲህ ሲሆን አጠራሩን ዕድሜ ይወስነዋል፦ «ጋሼ፣ እርስዎ»። የምንናገረውን ግን ሥራው ይወስነዋል። በብርድ መቆማቸው ሳይነሣ «ጋሼ ይባረኩ» ብቻ ብሎ ማለፍ በአክብሮት ቃል መርሳት ነው።

በሩት 2፥4 ላይ ቦዔዝ ወደ እርሻው ሲመጣ አጫጆቹን በእግዚአብሔር ስም ሰላም የሚላቸው እርሱ ቀድሞ ነው፤ እነርሱም መልሰው ይባርኩታል። ጌታና ሠራተኛ መሆናቸው አልቀረም፤ በረከቱ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ሄደ።

እንግዲህ በመጪው እሑድ ለአንድ ታናሽ «ተባረክ» ስትሉ ቀጥሎ ከአፋችሁ የሚወጣውን አድምጡ። ትእዛዝ ከሆነ፣ ምስጋናው ገና አልተባለም።