በእንቅልፍ ልብ ዜና ማንበብ

እኔ የምለው፣ አላርሙን ራሳችሁ አጥፍታችሁ ስታበቁ ማጥፋታችሁን የማታስታውሱ ስንቶቻችሁ ናችሁ? አማርኛችን ነገሩን ከሳይንቲስቶቹ ቀድሞ የገባው ይመስለኛል፤ «በእንቅልፍ ልቡ» ይላል። ሰውየው ቆሟል፣ ያወራል፣ ልቡ ግን ገና አልጋው ላይ ነው። ፈረንጆቹ «ስሊፕ ኢነርሺያ» ይሉታል።

ነገሩ ስንፍና አይደለም። አንጎላችን ሁሉም ክፍሉ እኩል አይነቃም። ንቃትን የሚቆጣጠረው የታችኛው ክፍል በጥቂት ደቂቃ ሥራውን ይጀምራል፤ ከግንባራችን ጀርባ ያለው፣ የሚያመዛዝነውና የሚወስነው ክፍል ግን 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ይዘገያል። ለዚህ ነው ተነስተን እየተራመድን ቁልፉን ፍሪጅ ውስጥ የምናስቀምጠው። ለአብዛኛው ሰው ድንዛዜው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለቃል፤ እንቅልፍ ለጎደለው ሰው ግን ከአንድ ሰዓትም ሊያልፍ ይችላል። ከጥልቅ እንቅልፍ መሃል መቀስቀስ ያብሰዋል። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የሰውነት ሙቀት ዝቅ ሲል መነሳትም እንዲሁ።

ቀላል ነገር የሚመስለው ካለ ግንቦት 2010 (በፈረንጆቹ) ማንጋሎር፣ ሕንድ ላይ የሆነውን ይስማ። ከዱባይ የመጣው የኤር ኢንዲያ ኤክስፕረስ አውሮፕላን ማኮብኮቢያውን አልፎ ገደል ገባና 158 ሰው ሞተ። አጣሪዎቹ እንዳሉት ካፒቴኑ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ተኝቶ ነበር። ነቅቶ ለማሳረፍ ሲዘጋጅ የእንቅልፍ ልቡ ገና አልለቀቀውም ነበር፤ ረዳቱ «እንመለስ» ሲለውም አልተመለሰም።

እንግዲህ ወደ ባልደረባዬ ልምጣ። ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የንጋት 12 ሰዓት ዜና ታነባለች። ሰርቪሱ 10፡50 በሯ ላይ ይቆማል። ማታ 5 ሰዓት ትተኛና አላርሟን 9፡45፣ 10፡00፣ 10፡10 እና 10፡20 ላይ ትሞላለች። ሁልጊዜ የምትነሳው በመጨረሻው ነው። ስቱዲዮ ስትገባ አይኗ ፊደሉን ያያል፣ አፏ ግን «ሚሊዮን»ን «ቢሊዮን» ብሎ ያነባል። በቀጥታ ስርጭት!

መጀመሪያ ያየነው አላርሞቹን ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ደጋግሞ ማሸለብ እንደሚወራበት ሰይጣን አይደለም። በ2023 ስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማሸለብ የለመዱ 31 ሰዎችን ፈትነው፣ ጠዋት 30 ደቂቃ ማሸለቡ ያሳጣቸው 6 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ብቻ ነበር፤ እንዲያውም ከጥልቅ እንቅልፍ በድንገት ከመባነን አድኗቸዋል። የሷ ችግር ሌላ ነው። ስትተኛ አምሽታ፣ ከጠባቡ እንቅልፏ ላይ ደግሞ 35 ደቂቃ ትቆራርጣለች። ስለዚህ አላርሙ አንድ ሆነ፤ 10፡10 ላይ፣ ስልኩም ከአልጋው ርቆ መስኮቱ ስር። የመኝታ ሰዓቷ ወደ 4 ሰዓት ወረደ። እውነቱን ለመናገር ትልቁን ሥራ የሠራው ይሄ ነው፣ ሌላው ማጣፈጫ ነው።

ሁለተኛው ቡና ነው። ቡና የሚሠራው ከጠጡት ወደ 30 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው፤ ቢሮ ደርሳ የምትጠጣው ቡና ዜናው ሲጀመር ገና መንገድ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ማታ ፔርሙስ ውስጥ ታዘጋጅና መብራት አብርታ እንደተነሳች ትጠጣለች፤ ሰርቪሱ ሲመጣ ሥራውን ጀምሯል።

ሦስተኛውን እኔ በጣም የምወደው ነው። ከተነሳች በኋላ ያለው የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ምንም ውሳኔ የሌለበት እንዲሆን አደረገች። ልብሱ፣ መታወቂያው፣ የምሳ ዕቃው ሁሉም ማታ ይቀመጣል። ለአለቃ መልእክት አትመልስም። ጽሑፉን ጮክ ብላ የምታነበው 11፡15 ላይ ነው፤ ከተነሳች አንድ ሰዓት ከ5 ደቂቃ በኋላ ማለት ነው። ቁጥሮቹን በእስክሪብቶ ታከብባለች።

«የ90 ደቂቃ ዙር ቆጥረህ ተነሳ» የሚሉትን አፕሊኬሽኖች ግን ተዋቸው። ዙሩ ከሰው ሰው፣ በአንድ ሌሊት ውስጥም ይለያያል፤ ትራስ ስር ያለ ስልክ ጥልቅ እንቅልፍ ላይ መሆናችሁን በእርግጠኝነት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሸለብ ስታደርግም አላርሟ 20 ደቂቃ ላይ ነው፣ ጥልቁ እንቅልፍ ሳይጎትታት እንድትነሳ። በጣም በደከማት ቀን ግን በ20 ደቂቃም ጥልቁ ውስጥ ትገባለች፤ ፊቷ አብጦ፣ ቀኑ ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ ጠፍቷት ስትነሳ ይታወቃል። ያን ቀን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ምንም ነገር አትጠይቋት።

በቂ እንቅልፍ ተኝቶም በየቀኑ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚደነዝዝ፣ በተለይ የሚያንኮራፋና በእንቅልፉ መሃል ትንፋሹ የሚቆም ሰው ግን ጉዳዩ የአላርም አይደለም፤ ሐኪም ጋ ይሂድ።