«ግሪኩ እንዲህ ይላል»

መጋቢው ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21ን በሰበከ ዕለት አብዛኛውን ሰዓት የወሰዱበት ሁለት የግሪክ ቃላት ነበሩ። ኢየሱስ ጴጥሮስን ይወደው እንደሆነ ሦስት ጊዜ ይጠይቀዋል። ሁለቱን ጊዜ «አጋፓኦ» በሚለው ግስ፣ በሦስተኛው «ፊሌኦ» በሚለው። ጴጥሮስ ሦስቱንም ጊዜ የሚመልሰው በ«ፊሌኦ» ነው። መጋቢው አንደኛው መለኮታዊ ፍቅር፣ ሌላው ተራ ወዳጅነት ነው ብሎ አስተማረ። የግሱን እርባታ ሳይቀር በስክሪን አሳየ።

ሲወጣ አንዲት እናት በር ላይ ጠበቁት።

«ልጄ፣ የእኔ መጽሐፍ ቅዱስ ሁሉንም መውደድ ነው የሚለው። ይህን ሁሉ ዘመን ሳነብ የኖርኩት ጎደሎውን ነው?»

መልስ አልነበረውም።

ማታ ወደ ምዕራፉ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ያየው የመዝገበ ቃላቱን ፍቺ ሳይሆን ዮሐንስ ራሱ ቃላቱን እንዴት እንደሚጠቀምባቸው ነው። በምዕራፍ 3፥35 አብ ወልድን የሚወደው በ«አጋፓኦ» ነው፤ በ5፥20 ደግሞ በ«ፊሌኦ»። አምኖን ትዕማርን የተመኘበትን ክፉ ፍላጎት እንኳ ጥንታዊው የግሪክ ብሉይ ኪዳን በ«አጋፓኦ» ይጠራዋል። በዚያው በምዕራፍ 21 ጠቦቶቹ በጎች ይባላሉ፣ ማሰማራቱም መጠበቅ ይሆናል። ዮሐንስ ቃል መለዋወጥ ይወዳል። እኛም በአንድ ደብዳቤ «እወድሃለሁ» እና «አፈቅርሃለሁ» ብንል ማንም ሁለት ዓይነት ፍቅር አይቆጥርብንም። ልዩነት አለው የሚሉ ሊቃውንት ዛሬም አሉ። ነገር ግን ጴጥሮስ ለምን እንዳዘነ ጽሑፉ ራሱ ይናገራል፤ ሦስተኛ ጊዜ ስለተጠየቀ ነው።

ሦስት ጊዜ የካደ ሰው ሦስት ጊዜ ተጠየቀ። ይህን ለማየት ግሪክኛ አያስፈልግም።

ግሪክኛው የጠቀመው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ባሕሩ ዳር የነደደው የከሰል ፍም «አንትራኪያ» ይባላል። ቃሉ በአዲስ ኪዳን የሚገኘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ እዚህና በምዕራፍ 18፥18፣ ጴጥሮስ ጌታውን እየካደ በሞቀው እሳት ላይ።

መጋቢው ከወራት በኋላ ያንኑ ክፍል ዳግም ሰበከ። «አንትራኪያ» የሚለውን ቃል አላነሳም። ምዕመናኑን ምዕራፍ 18ን ከዚያም ምዕራፍ 21ን አስገለጠና «በሁለቱም ቦታ ፍም አለ። ጴጥሮስ የካደበትን ሽታ እያሸተተ ነው የተጠየቀው» አለ። የግሪኩን ጥናት ከዚህ በላይ አላወጣውም፤ የቀረው በማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ ቀረ።

ሰባኪ ቃል ሲያጠና ራሱን ሊጠይቀው የሚገባው ይህን ይመስላል፦ ያገኘሁትን አድማጩ በእጁ ካለው መጽሐፍ ላይ ጣቱን አስቀምጦ ሊያየው ይችላል? የሚችል ከሆነ የግሪኩ ስም ቢቀር ምንም አይጎድልም። የማይችል ከሆነና ስብከቱ በሙሉ የቆመው በዚያ ላይ ከሆነ፣ ጥናቱ ራሱ እንደገና ሊመረመር ይገባል።

እኚያ እናት በዚያ ቀን በር ላይ ቆመው አልጠበቁም። ተቀምጠው ምዕራፍ 18ን እንደገና ያነቡ ነበር።